የአራት ዓመት ክፍተት፦ ሲቪ ላይ ልጻፈው ወይስ ኢንተርቪው ላይ ላስረዳው?

አንዲት አካውንታንት እናቷ ስትሮክ መቷቸው ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. ቤት ሆና አስታመመች እንበል። አሁን ሥራ ፍለጋ ላይ ናት።

ሲቪ ላይ መጻፍ፦ አንድ መስመር ይበቃል። «ከ2012–2016 ዓ.ም.፦ የታመመ ቤተሰብ በሙሉ ጊዜ መንከባከብ፤ አሁን ለሙሉ ጊዜ ሥራ ዝግጁ።» የበሽታውን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ጉዳቱ፣ አንዳንዱ ቀጣሪ ይህን አይቶ ሳይጠራት ሊያልፋት ይችላል።

ለኢንተርቪው ማቆየት፦ ፊት ለፊት ስታስረዳ ድምጿም ያግዛታል። ግን ክፍተቱ አይደበቅም፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ የጀመረችበትና የለቀቀችበት ቀን ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። የቀድሞውን ሥራ ማብቂያ ወደፊት መግፋትማ ጭራሽ አይሞከርም፣ ደብዳቤው ያጋልጣታል። (ደብዳቤው በኢትዮጵያ፣ ሲቪው በፈረንጆች አቆጣጠር ከሆነም ቀኖቹን በደንብ አመሳክሩ፤ በስህተት የተቀየረ ቀን ውሸት ይመስላል።)

ኢንተርቪው ላይ ግን በሁለቱም መንገድ ጥያቄው አይቀርም። ጠያቂው በዋናነት ማወቅ የሚፈልገው ነገም ከሥራ ትቀሪያለሽ ወይ፣ ሙያውስ አልጠፋሽም ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ፦ «እናቴን ሳስታምም ነበር። አሁን ቀን ቀን አብራቸው የምትውል ሰው አለች። የሒሳብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪንም ሰሞኑን በልምምድ ዳታ እየሠራሁ ከልሻለሁ።» ከዚህ በላይ የሕመሙን ታሪክ መዘርዘር ወሬውን ከሥራው ያርቀዋል።

ማመልከቻው በማያውቋት ሰዎች እጅ የሚጣራ ከሆነ መጻፉ ይሻላል፤ ባዶውን ቦታ እያንዳንዱ እንደመሰለው ይሞላዋል። በሚያውቃት ሰው ጥቆማ ከሄደች ወይም ክፍተቱ የወራት ብቻ ከሆነ በቃል ማስረዳቱ ይበቃል።