አራት ባለ ሦስት ሽቦ ወይስ አንድ ባለ አራት ሽቦ? ለኩንታል ሚዛን ሎድ ሴል ለምትገዙ

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ የኩንታል ሚዛን የሚያሠሩ እህል ነጋዴዎችም ሆኑ ሚዛን ጠጋኞች የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ ባለ 50 ኪሎውን ትንሽ፣ ባለ ሦስት ሽቦ ሎድ ሴል አራት ገዝተን በአራቱ ማዕዘን እናድርግ ወይስ ባለ 200 ኪሎውን አንድ ወፍራም እንግዛ? መልሱን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለእህል ንግድ ከሆነ አንዱን ወፍራም፣ ባለ አራት ሽቦውን ግዙ። ምክንያቱ ጥንካሬው ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር ብየዳችሁ ከዊትስቶን ድልድዩ ውስጥ መዋሉ ወይም ውጭ መዋሉ ነው።

ድልድዩ አራት ሬዚስተር ነው። በግራ በኩል R1 ከላይ፣ R2 ከታች፤ በቀኝ በኩል R3 ከላይ፣ R4 ከታች። ከላይና ከታች 5 ቮልት እንሰጠዋለን፣ እሱ E ነው፤ መሐል ለመሐል ያለውን ልዩነት V እናነባለን።

```
V = E × ( R2/(R1+R2) − R4/(R3+R4) )
V = 0  የሚሆነው  R1/R2 = R3/R4  ሲሆን
```

ሁለተኛውን መስመር ልብ በሉት። አራቱ እኩል ይሁኑ አይልም፤ የግራው ጥምርታ ከቀኙ ጋር ይስተካከል ነው የሚለው። ስለዚህ ብርድ መጥቶ አራቱም በአንድ ልክ ቢቀንሱ ዜሮው ንቅንቅ አይልም። ከአራቱ አንዱ ብቻ ሲለወጥ ግን ወዲያው ቮልቴጅ ይወጣል።

ሎድ ሴል ውስጥ ያሉት አራት ሬዚስተሮች ብረቱ ላይ የተለጠፉ ስትሬይን ጌጆች ናቸው። ብረቱ ሲጎብጥ ሁለቱ ይለጠጣሉ፣ ሁለቱ ይጨመቃሉ። ባለ 350 ኦም ሎድ ሴል ሙሉ 200 ኪሎ ሲጫንበት የተለጠጡት 350.7፣ የተጨመቁት 349.3 ኦም ገደማ ይሆናሉ። ለውጡ 0.7 ኦም ብቻ ነው። በ5 ቮልት ስናሰላው የግራው መሐል 2.505፣ የቀኙ መሐል 2.495 ቮልት ይሆናል። ልዩነቱ 10 ሚሊቮልት ነው። ሻጮች «2 ሚሊቮልት በቮልት» የሚሉት ይህንኑ ነው፦ በምትሰጡት በእያንዳንዱ ቮልት፣ ሙሉ ጭነት ላይ 2 ሚሊቮልት። እንግዲህ 200 ኪሎ 10 ሚሊቮልት ከሆነ አንድ ኪሎ 50 ማይክሮ ቮልት ብቻ ነው። ሚዛናችሁ የሚኖረው በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ዕቃዎች እንምጣ።

ባለ ሦስት ሽቦው ድልድይ ሳይሆን ግማሽ ድልድይ ነው። ውስጡ ብዙ ጊዜ 1,000 ኦም የሆኑ ሁለት ጌጆች ብቻ አሉት፣ ሙሉ ድልድይ የሚሆነው አራቱን በቀለበት ስታያይዟቸው ነው። ነጩ ከጎረቤቱ ነጭ፣ ጥቁሩ ከሌላኛው ጎረቤት ጥቁር ጋር ይያያዛል፤ አራቱ ቀያዮች ደግሞ በማንበቢያ ቦርዱ ላይ ወደ E+፣ A+፣ E− እና A− በዙሪያው ቅደም ተከተል ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ክንድ ሁለት ጌጅ ተከታትሎ 2,000 ኦም ይሆናል፣ በሁለቱ ጌጆች መካከል ደግሞ የእናንተ ብየዳ ይገባል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንዱ መጋጠሚያ ዝጎ ወይም ብሎኑ ላልቶ 0.01 ኦም ቢጨምር ድልድዩ ያንን ከክብደት ለይቶ አያየውም። ለአንድ ክንድ ጥቂት ለውጥ የሚወጣው ቮልቴጅ የሰጣችሁት ቮልት ሩብ ሲባዛ በለውጡ ድርሻ ነው፦ 5 ÷ 4 × 0.01 ÷ 2,000 = 6.25 ማይክሮ ቮልት። የእነዚህ ትንንሾች ውፅዓት አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊቮልት በቮልት ስለሆነ በ200 ኪሎ 5 ሚሊቮልት ይሰጣሉ፣ ለአንድ ኪሎ 25 ማይክሮ ቮልት ማለት ነው። ስለዚህ 0.01 ኦም 250 ግራም ሆኖ ይነበባል፤ 0.05 ኦም ከሆነ 1.25 ኪሎ። የዜሮ ቁልፉ ይህን ያጠፋዋል የሚል አለ። መጋጠሚያው ባለበት ቢረጋ እውነት ነው፤ ግን ጆንያ በተወረወረ ቁጥር ይነቃነቃል።

ያንኑ 0.01 ኦም በባለ አራት ሽቦው ላይ እናድርገው። እዚህ ድልድዩ ፋብሪካ ውስጥ ተዘግቶ ታሽጎ መጥቷል፤ እናንተ የምትበይዱት ወደ ድልድዩ የሚገቡትንና የሚወጡትን ሽቦዎች ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ መስጫው ሽቦ ላይ የተጨመረው 0.01 ኦም የድልድዩን ቮልቴጅ በ350 ላይ 0.01 ያህል ይቀንሰዋል፣ ይህም 0.003 በመቶ ገደማ ነው። በ100 ኪሎ ላይ 3 ግራም! ዜሮው ጨርሶ አይነካም፣ ምክንያቱም ጥምርታው አልተለወጠም። በመውጫ ሽቦዎቹ ላይ ደግሞ የሚያልፈው ከረንት ከቁጥር ስለማይገባ ምንም አይሆንም። 250 ግራም እና 3 ግራም፤ ለእኔ ንጽጽሩ እዚህ ላይ አልቋል።

የአየሩ ነገርም አለ። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ውርጭ ይጥላል፣ እኩለ ቀን ላይ ግን 20 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። መዳብ በአንድ ዲግሪ 0.39 በመቶ ያህል ይለወጣል። በአራቱ ሴሎች መካከል አንዷ ሽቦ አልደርስ ብላ በቀጭን ሽቦ አንድ ሜትር ብትቀጠልና ቅጥሉ 0.2 ኦም ቢሆን፣ በ20 ዲግሪ ልዩነት 0.016 ኦም ይጨምራል። ንጋት ላይ ዜሮ የተደረገ ሚዛን እኩለ ቀን ላይ ባዶውን 400 ግራም ያህል ያነባል። ሠሪው «ሴሉ ተበላሽቷል» ብሎ አዲስ ያስገዛችኋል፣ በማግስቱ ንጋት ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። አራቱን ለመግዛት የቆረጠ ሰው ቢያንስ በቀለበቱ ውስጥ ያሉትን ሽቦዎች በአንድ ርዝመትና በአንድ ውፍረት ያድርጋቸው፤ በብሎን ከማሰር ይልቅም በካውያ ይበይዳቸው።

ዋጋ ስትጠይቁ መጀመሪያ «የአንዱ ነው የአራቱ?» በሉ። ትንሹ ርካሽ የሚመስለው ብዙ ጊዜ የአንዱ ዋጋ ስለሚጠራ ነው። በአራት አባዙት፣ ማገናኛ ሳጥኑንና አራቱን የብረት እግር ጨምሩበት፣ የበያጁን እጅ ዋጋም አትርሱ። ለአንዱ ወፍራም ደግሞ ከላይና ከታች የማይጎብጥ ወፍራም ላሜራ ያስፈልጋል፣ እሱም ነፃ አይደለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ልዩነቱ 2,500 ብር ነው እንበል፣ ማሾ ደግሞ በኪሎ 100 ብር። ልዩነቱ 25 ኪሎ ማሾ ነው። 1.25 ኪሎ የሚስት ሚዛን ያንን በ20 ኩንታል ይበላዋል። ለአንድ ጠዋት ገበያ የሚበቃ ነው።

አራቱ የሚበልጡበት ነገር ጥገናው ነው፦ አንዱ ሲሞት አንዱን ብቻ ትቀይራላችሁ። ግን አዲሱ ከሌሎቹ ጋር 5 በመቶ ቢለያይና ጆንያው ወደ እሱ ማዕዘን ተጠግቶ ከሚገባው 25 በመቶ ይልቅ 60 በመቶው ቢያርፍበት፣ ኩንታሉ 1.75 ኪሎ ተጨምሮ ወይም ተቀንሶ ይነበባል። ለዚህ በየማዕዘኑ ያንኑ ክብደት እያስቀመጡ ማየት ግድ ነው። ወፍራሙ ሲሞት ግን ይጣላል፣ ይህን መሸሸግ አይገባም። የሚገድለው ደግሞ የተወረወረ ጆንያ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ጭነት ሲያልፍ ላሜራው የሚያርፍበት መከላከያ ብሎን ከታች ይደረግለት።

ፎርጅዱን ሱቅ ውስጥ መለየት ይቻላል። ቴስተር፣ የስልክ ቻርጀርና የተቆረጠ ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። ባለ አራት ሽቦውን ሽቦ ለሽቦ ለኩት፤ ስድስት ንባብ ይገኛል። ሁለቱ ጥንዶች 350 አካባቢ፣ አራቱ 262 አካባቢ ሊያሳዩ ይገባል፣ ምክንያቱም ጎረቤት ለጎረቤት ሲለካ 350 ከ1,050 ጋር ጎን ለጎን ስለሚሆን ነው። በመስጫው ጥንድ ላይ 400 አካባቢ ካያችሁ አትደንግጡ፣ ማስተካከያ ሬዚስተር ስላለ ነው። አንዱ ንባብ 1,050 አካባቢ ከሆነ ጌጅ ተቆርጧል።

ቀጥሎ በመስጫው ጥንድ 5 ቮልት ስጡ፣ ቴስተሩን 200 ሚሊቮልት ላይ አድርጋችሁ ሌላውን ጥንድ አንብቡ። ባዶውን ከ0.5 ሚሊቮልት በታች ካላሳየ ሰው የጫነበትና የጎበጠ ሊሆን ይችላል፤ ተዉት። ሴሉን አንዱን ጫፍ አስራችሁ በሌላው ጫፍ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ አንጠልጥሉ። ባለ 200 ኪሎው 1 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ነው የሚጨምረው። 4 ሚሊቮልት ከጨመረ ላዩ ላይ 200 የተጻፈበት ባለ 50 ኪሎ ነው፤ ኩንታል ሲጫንበት በአንድ ቀን ያበቃለታል።

ባለ ሦስት ሽቦዎቹ ላይ 2,000 የሚያሳዩት ሁለቱ ዳርና ዳር ናቸው፣ የቀረው መሐሉ ነው፤ ቀለሙን አትመኑ። ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ በእጅ ተጫኑ። አንዱ ሲጫኑት ቁጥሩ ወደ ታች ከሄደ ነጭና ጥቁሩ ተቀያይሯል፣ መሐል ላይ የተቀመጠ 100 ኪሎም 50 ብቻ ይነበባል፦ ሦስቱ ሲደምሩ አንዱ ይቀንሳልና።

ቁጥሩ አልረጋ ካለ ሴሉን ከመውቀሳችሁ በፊት የ HX711 ማንበቢያ ቦርዱን እዩት። ከአረንጓዴዎቹ ርካሾች አንዳንዶቹ ላይ E− ከ GND ጋር ሳይያያዝ ቀርቷል። ኤሌክትሪክ አጥፍታችሁ በቴስተሩ ድምፅ ፈትኑት፤ ካልጮኸ በሁለቱ መካከል አጭር ሽቦ በይዱ።