የውሃ ሞተር ላከራዩኝ ጋሼ ምስጋና፦ በሰዓት ይሻላል ወይስ በቀን?

ሰላም ወገኖች። ፎገራ ላይ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር ግማሽ ሄክታር ሽንኩርት አለኝ። ትናንት ሦስተኛ ውሃውን ጠጥቶ አደረ። ይህን የምጽፈው የውሃ ሞተር ያከራዩኝን ሰው በአደባባይ ላመሰግን ነው። በዚያው እናንተም ሞተር ስትፈልጉ እሳቸውን እንድትጠይቁ ልጠቁማችሁ። ስማቸውን ለመጻፍ ስላላስፈቀድኳቸው እዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

ምስጋናዬ ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ከአምናው ልነሳ።

አምና ከሌላ ሰው ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ሞተር ተከራየሁ። ዋጋው በሰዓት 200 ብር፣ ቤንዚኑ ከእኔ። ሌሎች 300 ሲሉ ስለሰማሁ በርካሽ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ሞተሩን ወንዙ አፋፍ ላይ አስቀመጡትና ሰዓቱ መቆጠር ጀመረ። ሆዝ ሲዘረጋ ይቆጠራል። ሞተሩ ውስጥ ውሃ ሲሞላ ይቆጠራል። ጠፍቶ እስኪነሳም ይቆጠራል። እንዲህ እንዲህ ሲል 11 ሰዓት ተቆጠረና መሸ። ለሞተሩ 2,200 ብር ከፈልኩ። 17 ሊትር ቤንዚን ነዷል፤ ከቸርቻሪ በጀሪካን በ130 ብር ስለገዛሁት እሱ ደግሞ 2,210 ብር ወጣበት። ሲመሽ ዞሬ ሳይ የማሳው ሲሶ አፈሩ እንደደረቀ ነው። እኔ መሬቴ ውሃ ቢበላ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ዘንድሮ ጎረቤቴ ወደ ጋሼ ላከኝ። ስደውልላቸው ስለ ገንዘብ አላነሱም። "በርሜል አለህ?" አሉኝ። አለኝ አልኩ። "እንግዲያው ማሳው ራስ ላይ አስቀምጠው፤ ስመጣ እንለካለን" አሉ።

በማግስቱ ከልጃቸው ጋር መጡ። ሞተሩን አፋፉ ላይ አላስቀመጡትም። ልጁ በዶማ የወንዙን ዳር እንደ ደረጃ ቆረጠና ወደ ታች አወረዱት። ከውሃው ሦስት ሜትር እንኳ አይርቅም። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። "ልጄ፣ ሞተር ውሃ መግፋት ይችላል፤ መሳብ ላይ ግን ሰነፍ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ውሃውን ወደ መሳቢያው ቱቦ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። የእኛ አገር ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነ ያ ግፊት ከባሕር ጠለል ያንሳል። ቆላ ላይ ሰባት ሜትር የሚስበው ሞተር እዚህ አምስት ሜትር ላይ ይንገላታል። የአምናው ሞተር አፋፍ ላይ ሆኖ ለምን ያስነጥስ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

የመሳቢያውን ጫፍ ደግሞ ወንፊቱን ቅርጫት ውስጥ ከተው እንጨት ላይ አሰሩት። ጉማራ አሸዋ ይዞ ይመጣል። ወንፊቱ መሬት ከነካ አሸዋውን ይውጠዋል፣ አሸዋው ደግሞ ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋውን የሞተሩን ሲል ይበላዋል።

ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። ሆዙ 100 ሜትር ተጉዞ ማሳዬ ራስ ላይ ደረሰ። እኔና ልጁ ጫፉን አቅፈን በርሜሉ ውስጥ ከተትነው፤ ጋሼ በስልካቸው ሰከንድ ቆጠሩ። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል በ25 ሰከንድ ሞላ። ልብ በሉ፣ የለካነው ሞተሩ ጋ አይደለም። ረጅም ሆዝ ጉልበት ይበላልና የሚቆጠረው ማሳ ላይ የሚደርሰው ውሃ ነው።

ስሌቱን አብረን ሠራነው። ሽንኩርት ሥሩ አጭር ነው። ባንዴ ብታጠግበው ትርፉ ከሥሩ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ማሳው ላይ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ቢተኛለት ይበቃዋል፤ ቶሎ ቶሎ ማጠጣቱ ነው ዋናው። ግማሽ ሄክታር 5,000 ካሬ ሜትር ነው። በአራት ሳንቲ ሜትር ሲባዛ 200 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በበርሜል 1,000 በርሜል ማለት ነው። አንዱ በ25 ሰከንድ ከሞላ ሺውን ለመሙላት ሰባት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል።

አሁን ወደ አምናው ተመለሱ። በ11 ሰዓት የማሳውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ካጠጣ፣ በርሜሉን በአንድ ደቂቃ ነበር የሚሞላው ማለት ነው። ርካሽ ያልኩት ሞተር ለአንድ በርሜል ውሃ ከዘንድሮው ሁለት እጥፍ በላይ ጊዜ ይወስድ ነበር። ሰዓቱም ቤንዚኑም ከእኔ ኪስ። በሰዓት የሚጠራ ዋጋ ሞተሩ ስንት ውሃ እንደሚሰጥ ካልታወቀ ምንም አይነግርም።

ጋሼ ሁለት ዋጋ አላቸው። አንዱ በሰዓት 450 ብር ነው፤ ቤንዚኑም፣ ሞተሩን የሚይዘው ልጅም፣ ብልሽቱም ከእሳቸው። ሁለተኛው በቀን 1,700 ብር ነው፤ ልጁ ከእሳቸው፣ ቤንዚንና የልጁ ምሳ ከእኔ። ቀን የሚሉት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ነው፤ ይህንንም አስቀድመው ይናገራሉ። እናንተም ከማንም ስትከራዩ "ቀን" ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ 9 ሰዓት ላይ ሆዙን ይጠቀልላል።

ሞተሩ በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይጠጣል። ዘንድሮ ሊትሩን በ160 ብር ነው የገዛሁት፤ በሰዓት 240 ብር መሆኑ ነው። ስለዚህ ለሰባት ሰዓት ሥራ የሰዓቱ ውል 3,150 ብር፣ የቀኑ ውል ከነቤንዚኑ 3,380 ብር ይመጣል። የሰዓቱ ይሻላል። ሥራው 11 ሰዓት ከሆነ ግን የሰዓቱ 4,950፣ የቀኑ 4,340 ይሆናል። ሚዛኑ የሚገለበጠው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በእናንተ ቀበሌ ዋጋው ሌላ ይሆናል፤ የሚገለበጥበትን ሰዓት ግን በዚሁ መንገድ ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ ነው ጋሼን የወደድኳቸው። ችግኙ ከመተከሉ በፊት መሬቱን ለማራስ ስጠራቸው በሰዓት እንዋዋል አልኳቸው። "አይሆንም፣ በቀን ያዘው" አሉኝ። መሬቴ ዋልካ ነው። ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያበጃል፤ የመጀመሪያው ውሃ ስንጥቁን ሳይሞላ ላዩን አያርስም። ስንት እንደሚጠጣ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። እንዳሉትም 11 ሰዓት ፈጀ። በሰዓት ብንዋዋል ኖሮ 610 ብር ተጨማሪ ያገኙ ነበር። ችግኙ ከተተከለ በኋላ ደግሞ እኔ በቀን ስላቸው፣ "አሁን ስንጥቁ ተዘግቷል፤ በሰዓት ያዋጣሃል" አሉኝ። ሁለቱንም ጊዜ የእኔን ኪስ ነው ያዩት።

ስለ ቤንዚን አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ቤንዚኑ ከአከራዩ ሲሆንና ክፍያው በሰዓት ሲሆን፣ አከራዩ ጋዙን ቀነስ ቢያደርገው ይጠቀማል። ቤንዚኑ ይተርፈዋል፣ ሰዓቱም ይረዝምለታል። ቤንዚኑ ከተከራዩ ሲሆን ደግሞ የሞተሩን ጤንነት የሚጠብቅ የለም፤ የሚነደው የሌላ ሰው ነው። ጋሼ ይህን እኔ ሳላነሳው አነሱት። በርሜሉ በ25 ሰከንድ ሲሞላ የጋዙ እጀታ ያለበትን ቦታ በጠመኔ አሰመሩበት። "ከዚህ ከወረደ ጥራኝ" አሉኝ። ከምሳ በኋላም በርሜሉን ደግመን ለካነው። በቀን በተዋዋልን ጊዜ ደግሞ ታንከሩን ጠዋት አፉ ድረስ ሞሉት፣ ማታም ከእኔው ጀሪካን አፉ ድረስ ሞሉት። 16 ሊትር ተኩል። የቀረው ጀሪካኑ ውስጥ በዓይኔ ይታያል።

ብልሽትም አጋጥሞናል፤ ያልተበላሸ ሞተር ነው ያላቸው ብዬ አልዋሽም። በሁለተኛው ውሃ፣ አራተኛው ሰዓት ላይ፣ የሆዙ ጫፍ መንተፋተፍ ጀመረ። ውሃው አንዴ ይመጣል፣ አንዴ አየር ይተፋል፤ ሞተሩ ግን ድምፁ ከፍ ብሏል። ይህ ምልክት በደንብ ይታወቅ። ሞተሩ ጮኾ ውሃው ከሳሳ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው። ዝም ቢባል ውሃው ይቋረጥና ሲሉ ይቃጠላል። ልጁ ወዲያው አጠፋው። ጋሼ ሰዓታቸውን አይተው "ከዚህ ጀምሮ አይቆጠርም" አሉ። መሳቢያው ቱቦ ማሰሪያው አጠገብ ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበረው። አንድ ስንዝር ያህል ቆርጠው ጣሉት፣ መልሰው አሰሩት፣ ስንጥቅ ሌላ ቦታ እንዳለ ለማየት ጭቃ ቀቡት። 40 ደቂቃ ፈጀ። አንዷንም ደቂቃ አላስከፈሉኝም።

በሦስተኛው ውሃ የባሰ መጣ። በሞተሩና በፓምፑ መሃል ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ሲሉ አልቋል ማለት ነው። ያ ማሳ ላይ አይጠገንም። የሠራውን አራት ሰዓት 1,800 ብር ብቻ ተቀብለው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛ ሞተራቸውን ይዘው መጥተው የቀረውን ሦስት ሰዓት ጨረሱልኝ። የመጓጓዣ አልጠየቁም።

በቀን ለሚዋዋል ሰው ደግሞ ደንብ አላቸው። ከስድስት ሰዓት በፊት ከተበላሸና ካልተጠገነ ግማሽ ቀን ብቻ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ በሠራው ሰዓት ልክ ይታሰባል። ሁለት መስመር ወረቀት ላይ ጽፈው ያስፈርማሉ። ያለ ልጃቸው ባዶ ሞተር ግን አያከራዩም። እኔም ባዶ ሞተር አልመክርም። በሰዓት ይረክሳል፤ ግን ወንፊቱ ከውሃ ወጥቶ ሞተሩ በደረቁ ቢሠራ የሲሉ ዋጋ በተከራዩ ነው፣ ጠዋትም ያለቀ እንደነበር ማስረዳት አይቻልም።

ያላቸው ሁለት ሞተር ብቻ ነው። የሽንኩርት ውሃ ሲደራረብ እስከ አራት ቀን አስጠብቀውኛል፤ ስለዚህ ከሳምንት በፊት ያዟቸው። ማሳችሁ ትንሽ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ አንድ ሙሉ ቀን ውሰዱ፤ የቀኑ ዋጋ የሚያዋጣው ያን ጊዜ ነው።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለልጅዎም እንዲሁ፤ በዚያ ፀሐይ ሰባት ሰዓት ከሞተሩ አጠገብ ሳይለይ ውሏል። ወረታና አካባቢው ያላችሁ፣ ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉላቸው የማሳችሁን ስፋት፣ ከወንዙ ያለውን ርቀትና የአፈሩን ዓይነት ንገሯቸው። በርሜልም አዘጋጁ።