የጥርን ወር ላቀናችልን እህት ምስጋና፣ ለናንተም ጥቆማ

ባሕር ዳር ውስጥ አነስተኛ ጂም ወይም የኤሮቢክስ አዳራሽ ላላችሁ ሁሉ አንዲት ባለሙያ ልጠቁማችሁ ነው። ሥራዋ ለትናንሽ ቤቶች የአንድ ወር የፖስት ዕቅድ ማውጣት ነው። እኛ ቤት ያለነው እኔና አንድ አሰልጣኝ ብቻ ነን። ጠዋት 12 ሰዓት ከፍተን ማታ ስንዘጋ «ዛሬ ደግሞ ምን እንለጥፍ?» ብሎ የሚያስብ ጉልበት አይተርፈንም፤ ለማስታወቂያ የምንመድበው ብርም የለንም። እሷ የጥርን ወር በሙሉ በአንድ ጠዋት ቀረጻ ጨርሳልን ሄደች። እግዜር ይስጥልን፣ እህቴ።

ገና እንደገባች የጠየቀችው የመመዝገቢያ ደብተራችንንና ሰዎች ደውለው የሚጠይቁንን ነገር ነው። «ስኳት ስሠራ ጉልበቴን ያመኛል»፣ «ፑሽ አፕ አንድም አልችልም፣ ልምጣ?»፣ «ሴቶች ብቻ የሚሠሩበት ሰዓት አላችሁ?» የመሳሰሉት። ከዚያ አራት እንቅስቃሴ መረጠች፦ ስኳት፣ ፑሽ አፕ፣ ፕላንክ እና ላንጅ። እያንዳንዱ ሦስት ሦስት አጭር ቪዲዮ ይወጣዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ትክክለኛው አሠራር፣ ለጀማሪ የሚቀለው። በጠቅላላው 12 ቪዲዮ፣ በሳምንት ሦስት፣ ወሩ ተሸፈነ ማለት ነው።

ስኳቱን እንዴት እንደቀረጸችው ልንገራችሁ። አሰልጣኙን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙራ አቆመችው፤ መስኮቱ ከጀርባው ከሆነ ሰውየው ጥላ ብቻ ይሆናል። ጉልበት ወደ ውስጥ ሲጠጋ የሚታየው ከፊት ነው፣ ተረከዝ ከመሬት ሲነሳ የሚታየው ደግሞ ከጎን፤ ስለዚህ ስህተቱን በሁለቱም በኩል ቀረጸች። ለጀማሪው ከኋላው ወንበር አስቀምጣ ቁጭ ብድግ አስባለችው። ካሜራው የኔው ስልክ ነው። አንዱ እንቅስቃሴ ሲያልቅ አሰልጣኙ ቲሸርት ይቀይራል፤ አለዚያ የወሩ ቪዲዮ ሁሉ የአንድ ቀን ይመስላል። ደንበኞች ሳይገቡ በፊት ነው የቀረጸችው፤ ያልተጠየቀ ሰው፣ በተለይ ሴቶች፣ ከኋላ እንዳይታዩ በጣም ትጠነቀቃለች። በዚህ ብቻ እንኳ ልቤን ገዝታዋለች።

ቀን አደላደሏ ደግሞ ከሁሉ በላይ ገረመኝ። ዕቅዱን የሠራችው በኛው ካላንደር ነው። ከጥር 10 እስከ 12 ከተማው በሙሉ ታቦት አጅቦ ወጥቶ ማን ስለ ፕላንክ ያያል? እነዚያን ቀኖች ባዶ ተወቻቸው፤ ቀደም ብላ ጥር 8 ላይ የበዓሉን የሥራ ሰዓት ብቻ አስቀመጠች። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ ብዙ ቤት የሙሽራ ቅናሽ የሚለጥፈው በዚሁ ወር ነው። እሷ ግን ሰርጉ ሳምንት የቀረው ሙሽራ ልብስና ድግስ ነው የሚያሯሩጠው፣ ይሄ የኅዳር ሥራ ነው ብላ ከዕቅዱ አወጣችው። የዋጋና የምዝገባ ፖስት የገባው ከ25 በኋላ፣ ደመወዝ በሚወጣበት ሰሞን ነው። በወሩ አጋማሽ ዋጋ ብትለጥፉ ሰው አይቶ ያልፋል፣ ደመወዝ ሲይዝ ረስቶታል።

ቪዲዮዎቹን በቴሌግራም ቻናላችን ላይ በየቀናቸው አስቀመጠቻቸው። የመላኪያውን ምልክት ተጭኖ በመያዝ Schedule Message የሚለውን መምረጥ ነው። አንዴ ከተቀመጠ መብራትም ሄደ ኔትወርክም ጠፋ፣ በሰዓቱ ራሱ ይወጣል። ሁለት ቦታ ግን ሆን ብላ ክፍት ትታልናለች፤ ድንገት የሰዓት ለውጥ ወይም አዲስ ክፍል ሲኖር ለዚያ ነው።

ውጤቱንም በቪው ብዛት አትለካም። ቲክቶክ ላይ ብዙ ሰው ያየው ቪዲዮ ተመልካቹ አዲስ አበባ ከሆነ ለኛ ምን ይፈይዳል? አዲስ የሚመዘገብ ሰው «ከየት ሰማችሁ?» እየተባለ ደብተር ላይ እንዲጻፍ አደረገች። ለኛ በብዛት የተጻፈው «ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ ላከችልኝ» የሚል ነው፤ የሚላላኩትም የወንበሩን ስኳት ነው። ስለዚህ የየካቲቱ ዕቅድ ለጀማሪ የሚሆነውን አብዝቶ ይዟል።

እውነቱን ለመናገር የማትሠራውም አለ። ሎጎና ባነር ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። ለኮሜንትና ለኢንቦክስ መልስ መስጠትም የባለቤቱ ሥራ ነው ብላ ቁርጥ አድርጋ ትናገራለች። ክፍያዋ በየወሩ ደመወዝ ሳይሆን ለአንድ ዕቅድና ለአንድ ቀረጻ ነው፤ ለኛ ዓይነቱ ቤት የተመቸን እሱ ነው።

ስልኳን ሳላስፈቅዳት እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ከመምጣቷ በፊት ደንበኞቻችሁ የሚጠይቋችሁን ሰብስባችሁ ጻፉ፤ ቁጭ እንዳለች የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።