ጎጃም ከርሜ መጣሁ፦ ቪዲዮ ኮል በሰዓት ስንት ሜጋ ይበላል?

ለጥምቀት ጎጃም ነበርኩ። ሦስት ሳምንት ከረምኩ። ስመለስ፣ እንደኔ ከውጭ ለሚሄዱ ሰዎች የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች አንድ በአንድ ልገመግም አስቤ ነበር። አውቶቡሱ ደህና ነው። ማረፊያው ንጹሕ ነው። ምግቡ ምን ይወጣለታል! መጻፍ ስጀምር ግን ነገሩ ሁሉ ወደ ስልኬ ሄደ። ዋሽንግተን ያሉት ልጆቼ አያታቸውን በቪዲዮ ካላየን ብለው ስለነበር፣ ከምንም በላይ የተጠቀምኩት ዳታ ነው።

ዋይፋዩን ቶሎ ልለፈው። ደብረ ማርቆስ ያረፍኩበት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ነፃ ዋይፋይ አለው። ጠዋት ጠዋት ጥሩ ነው። ችግሩ ልጆቼን የማገኘው ማታ መሆኑ ነው። እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ቀትር ነው። በዚያ ሰዓት እንግዳው ሁሉ ክፍሉ ገብቶ ስልኩ ላይ ይጣዳል። የልጆቼ ምስል ለኔ ይመጣል፣ የኔ ግን አይደርሳቸውም። «አባዬ፣ ደረቅክ» ይሉኛል። ከአምስት ሁለት ሰጥቼዋለሁ።

ወደ ሲም ካርዱ ልምጣ። በፓስፖርቴ አወጣሁ፣ ጥቅል ሞላሁ፣ አለቀ። ጥፋቱ የኔ ነበር። በጥምቀት ማግስት አማኑኤል አካባቢ እናቴ ዘንድ 500 ሜጋ ሞልቼ ደወልኩ። እናቴ ስልኩን ከእጄ ተቀበለችና ልጆቹን ግቢ ማስጎብኘት ጀመረች። ጥጃውን አሳየቻቸው። ጎተራውን አሳየቻቸው። ጌሾውን ስታሳይ፣ ገና 40 ደቂቃ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ ስልኩ ጸጥ አለ። እናቴ ስክሪኑን ትክ ብላ አይታ «ምነው፣ ከፋቸው እንዴ?» አለችኝ።

አልከፋቸውም፣ ጥቅሉ ነው ያለቀው። ግን ለምን አለቀ? ማታ ቁጭ ብዬ ማጣራት ጀመርኩ።

ዋትሳፕ የፈጀውን ይመዘግባል። `Settings` ገብቶ፣ `Storage and data` ከዚያ `Network usage` ነው። ጥሪ የሚለው መስመር ላይ የላክነውና የተቀበልነው ለየብቻ ተቀምጧል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ዳታ የሚቆረጠው የነሱን ፊት ስናይ ብቻ ይመስለዋል። የኛም ፊት ሲሄድ ይቆረጣል። ሁለቱ ተደምረው ነው ከጥቅሉ የሚወጡት።

የኔ ድምር 340 ሜጋ አካባቢ ነበር። የቀረው 160 የት ሄደ? የስልኩን የዳታ ዝርዝር በየመተግበሪያው ሳየው ተገኘ። ጥምቀት ላይ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ከጀርባ ሆነው ወደ ደመና ማከማቻ እየተጫኑ ነበር። እኔ ስለ ጌሾ አወራለሁ፣ ስልኬ ታቦት ሲወጣ ያነሳሁትን ይልካል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጠባ ቪዲዮውን የሚነካ አይደለም፤ የፎቶ ምትኬው በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ቀጥሎ ስሌቱ። ዳታ በባይት ይሸጣል፣ ፍጥነት ግን በቢት ይነገራል። 8 ቢት 1 ባይት ነው። አንድ ሰዓት 3,600 ሴኮንድ ነው። ሲጠቃለል፣ በሴኮንድ ስንት ኪሎቢት እንደሚላክና እንደሚመጣ ደምራችሁ በ0.45 አባዙት፤ በሰዓት የሚፈጀው ሜጋባይት ይወጣል። ለምሳሌ ዙም ለሁለት ሰው ጥሩ ጥራት ላለው ቪዲዮ በየአቅጣጫው በሴኮንድ 600 ኪሎቢት እንደሚፈልግ ይገልጻል። ድምሩ 1,200 ነው። በ0.45 ሲባዛ በሰዓት 540 ሜጋ። ወደ 720p ከፍ ሲል በየአቅጣጫው 1,200 ይሆንና ሰዓቱ ከ1 ጊጋ በላይ ይበላል።

ይህ ግን ግምት ነው። መተግበሪያው ኔትወርኩን እያየ ጥራቱን ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ለዚህ ነው ኔትወርክ ደከም ባለበት ገጠር የሚፈጀው ብዙ ጊዜ ከከተማው የሚያንሰው። ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ ሜጋው ይተርፋል። ስለዚህ የራሳችሁን ስልክ በራሳችሁ ቦታ መለካት ይሻላል። በዚያው ገጽ ታች `Reset statistics` የሚል አለ። እሱን ነክታችሁ 10 ደቂቃ አውሩ፣ ከዚያ የላካችሁትንና የተቀበላችሁትን ደምራችሁ በ6 አባዙት።

በማግስቱ እንደዚያ አደረግኩ። ስልኩን ረከቦቱ ላይ ስኒዎቹን ተገን አድርጌ አቆምኩት። እናቴ ከግድግዳው ፊት ለፊት ተቀመጠች። በ10 ደቂቃ 31 ተላከ፣ 27 መጣ። 58 ማለት ነው፤ በሰዓት 348። ባለፈው ቀን ግቢ ስትዞር ግን በዚያ ልክ ሰዓቱን የሚሞላ ቢሆን 510 ይደርስ ነበር። ልዩነቱ የጥጃው ነው! ቪዲዮ ሲጨመቅ ያልተለወጠው የምስሉ ክፍል እንደገና አይላክም። ግድግዳ አይለወጥም። ስልክ ይዞ ሲኬድ ግን ሁሉ ነገር በየቅጽበቱ አዲስ ነው፤ ቅጠሉ፣ አጥሩ፣ መሬቱ።

ከዚያ `Storage and data` ውስጥ `Use less data for calls` የሚለውን አበራሁ። ባለቤቴም በሷ በኩል እንድታበራ ነገርኳት፤ ምክንያቱም ወደኔ የሚመጣውን የምትልከው እሷ ናት። 10 ደቂቃው ወደ 27 ሜጋ ወረደ፤ በሰዓት 162። ፊት ትንሽ ይደበዝዛል፣ የትንሿ ልጄ የወለቀ ጥርስ ግን ይታያል። እናቴም ያየችው እሱን ነው፤ «ጥርሷን ጣሪያ ላይ ወርውሩላት» አለች።

የኔን ካሜራ ስዘጋው በ10 ደቂቃ የሚላከው ወደ 2 ሜጋ ወረደ፣ ድምፅ ብቻ ስለሆነ። ሁለቱም ወገን ዘግቶ በድምፅ ብቻ ሲሆን 10 ደቂቃው 4.5 ሜጋ ነው፤ ሰዓቱ 27። ከቪዲዮ ጋር አይወዳደርም።

ለዳታው ከአምስት አራት ሰጠሁ፤ አንዷን የቀነስኩት ምሽት ላይ ስለሚያዘግም ነው። ቴሌግራም ለሚመርጡ እዚያም ጥሪ ላይ ዳታ የሚቀንስ ማስተካከያ አለ፤ እኔ ግን አልለካሁትም።

ከመመለሴ በፊት የእናቴን ስልክ አስተካከልኩ። ምትኬውን ዘጋሁ፣ ዳታ ቀናሹን አበራሁ፣ ካሜራ የምትዘጋበትን ምልክት አሳየኋት። አሁን ስትደውል የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች ሁሉንም በየተራ ታያለች። ከዚያ «በሉ ፊታችሁን አየሁት፣ አሁን እናውጋ» ትልና ካሜራውን ትዘጋለች፤ እኛም እንዘጋለን። ሰዓት ሙሉ ብናወራ እንኳ ከ40 ሜጋ አይዘልም። ጥጃውን ለማሳየት ካልተነሳች በስተቀር።