ገንዘቡ ሳይደርስ ሲቀር፦ በጥሬ ገንዘብ፣ በባንክ ሂሳብ ወይስ በቴሌብር የተላከው ለቅሬታ ይመቻል?

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ገንዘብ የሚልክ ሰው የሐዋላ ድርጅቶችን የሚያወዳድረው አብዛኛውን ጊዜ በምንዛሪ ተመንና በአገልግሎት ክፍያ ነው። ገንዘቡ በቀኑ ከደረሰ ይህ መለኪያ ይበቃል። ካልደረሰ ግን ዋናው ጥያቄ የተላከበት መንገድ ምን ማስረጃ እንደሚተውና ገንዘቡ እስከ የትኛው ደረጃ ድረስ ሊመለስ እንደሚችል ነው። ይህ ንጽጽር ሦስቱን የተለመዱ መንገዶች የሚመዝነው በዚሁ ብቻ ነው።

ሦስቱም የሚዳኙት በአንድ ሕግ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል የሐዋላ ደንብ ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ ተፈጻሚ ሲሆን፣ ከ15 ዶላር በላይ ለሆነ ዝውውር ይሠራል። ላኪው በከፈለ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ተቀባዩ ገንዘቡን እስካልወሰደው ወይም ሂሳቡ ውስጥ እስካልገባ ድረስ፣ መሰረዝና የአገልግሎት ክፍያውን ጨምሮ ሙሉ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ በተባለው ቀን ካልደረሰ፣ ይደርሳል ከተባለበት ቀን አንስቶ በ180 ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፤ ድርጅቱም በ90 ቀን ውስጥ አጣርቶ ውጤቱን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በዓመት ከ500 የማይበልጥ ዝውውር የሚያካሂዱ አነስተኛ ላኪዎች በዚህ ደንብ አይገደዱም። በትውውቅ በሰው እጅ ወይም በጥቁር ገበያ የተላከ ገንዘብ ደግሞ ደረሰኝ ስለሌለው፣ ተመኑ ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ ከቅሬታ አንጻር የሚወዳደር አይደለም።

ድርጅት ሲመርጡ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት፣ ከመክፈል በፊት በስልኩ ላይ የሚወጣው መግለጫና ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቀን ነው። ማስታወቂያው «በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል» ሊል ይችላል፤ የ180 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረውና ድርጅቱ ዘገየ የሚባለው ግን በደረሰኙ ቀን መሠረት ነው። በአንድ ተመን ከሚልኩ ሁለት ድርጅቶች አንዱ ነገን፣ ሌላው ከአምስት ቀን በኋላ ያለውን ቀን ደረሰኙ ላይ ቢጽፉ፣ ሁለተኛው ለአራት ተጨማሪ ቀናት ያለ ተጠያቂነት ገንዘቡን ሊያቆይ ይችላል። በእኔ ግምት ይህ ቀን ከጥቂት ሳንቲም የተመን ልዩነት ይበልጣል።

በጥሬ ገንዘብ ከባንክ ቅርንጫፍ የሚወሰድ ሐዋላ ለቅሬታ ከሁሉ ይቀላል። ገንዘቡ በሚስጥር ቁጥሩ ስም ተይዞ ስለሚቆይ፣ ተቀባዩ እስካልወሰደው ድረስ ስም ማስተካከልም ሆነ ማስመለስ ብዙ አያስቸግርም። ችግሩ በአብዛኛው የሚነሳው ከስም ነው፦ ላኪው በአሜሪካ ልማድ የተቀባዩን ስምና የአያት ስም ብቻ ይጽፋል፤ በመታወቂያው ላይ ግን ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም አለ፤ ቅርንጫፉም «አይመሳሰልም» ብሎ ይመልሳል። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ገንዘቡ ተዘጋጅቶ ሳለ ተቀባዩ ሳይሄድ ቢቀር የድርጅቱ ጥፋት አይሆንም። ስለዚህ ቅርንጫፉ ሲመልሳቸው ቀኑን፣ የቅርንጫፉን ስምና የተሰጣቸውን ምክንያት ወዲያው በስልክ መልእክት እንዲጽፉልዎ ያድርጉ። ገንዘቡ ለሌላ ሰው ተከፍሏል ከተባለም፣ ወሳጁ ያቀረበው መታወቂያና ፊርማው በከፋዩ ባንክ መዝገብ ስለሚኖር፣ ድርጅቱ ያንን እንዲያጣራ በግልጽ ይጠይቁ።

በባንክ ሂሳብ የሚገባው ምቹ ነው፤ እናት ወረፋ አይጠብቁም፣ ጥሬ ገንዘብም ይዘው መንገድ አይወጡም። ቅሬታ ሲነሳ ግን ሰነድ ይፈልጋል። ለምሳሌ ከሜሪላንድ 300 ዶላር ለእናት ደሴ በሚገኝ ባንክ ተላከ እንበል። ደረሰኙ ማርች 3 ይደርሳል ይላል፤ መተግበሪያውም «Completed» ያሳያል፤ የእናት ሂሳብ ግን እንደነበረ ነው። «Completed» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ለተባባሪው ባንክ መተላለፉን እንጂ ሂሳቡ ውስጥ መግባቱን አያረጋግጥም። ላኪው ስማቸውን Tsehai ብሎ ጽፎ፣ ባንኩ ዘንድ Tsehay ተብሎ ከተመዘገበ፣ ገንዘቡ ሂሳቡ ውስጥ ሳይገባ ተለይቶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ክርክሩን የሚያሳጥረው እናት ከቅርንጫፋቸው የሚያወጡት ከማርች 3 እስከ 6 ያለው የሂሳብ መግለጫ ነው። ቅሬታው ማርች 6 ከቀረበ ድርጅቱ እስከ ጁን 4 ድረስ ማጣራቱን መጨረስ አለበት፤ ላኪው እስከ ኦገስት 30 ቢዘገይ እንኳ መብቱ አያልፍም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ያልፋል።

የሂሳብ ቁጥር ሲሳሳት ነገሩ ይከፋል። ድርጅቱ «የተሳሳተ ቁጥር ከሰጡ ገንዘብዎን ሊያጡ ይችላሉ» ብሎ አስቀድሞ ካሳወቀና ገንዘቡን ለማስመለስ ወዲያው ከጣረ፣ የሌላ ሰው ሂሳብ ውስጥ የገባውን ገንዘብ የመተካት ግዴታ ላይኖርበት ይችላል። ስለዚህ የሂሳቡን ባለቤት ስም ከመክፈል በፊት መልሶ የሚያሳይ አገልግሎት ካለ፣ በባንክ ለሚልክ ሰው የተሻለው ምርጫ እሱ ነው።

ቴሌብር ፈጣን ነው፤ ለቅሬታ የሚተወው ጊዜ ግን ከሁሉ ያጥራል። የስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ቢሳሳትና ያ ቁጥር በቴሌብር የተመዘገበ ቢሆን፣ ገንዘቡ በቅጽበት ይገባል፤ የመሰረዣው 30 ደቂቃም በዚያው ያበቃል። በአንጻሩ ቁጥሩ ካልተመዘገበ ወይም የሂሳቡ ጣሪያ ከሞላ ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚላክለት ቁጥር በቅድሚያ አነስተኛ ገንዘብ ልኮ፣ ተቀባዩ የደረሰውን አጭር መልእክት ካረጋገጠ በኋላ ቀሪውን መላክ ይመከራል።

ቅሬታውን በስልክም በጽሑፍም ማቅረብ ይፈቀዳል፤ የጽሑፉ ግን ለክርክር ይበጃል። የላኪው ስምና ስልክ፣ የተቀባዩ ስም፣ የዝውውሩ ቁጥርና ምን እንዳልተፈጸመ በአጭሩ ይበቃል፦ «በዚህ ቁጥር የተላከው 300 ዶላር ማርች 3 ይደርሳል ተብሎ እስካሁን ተቀባይዋ ሂሳብ ውስጥ አልገባም፤ በመጀመሪያው ተመን እንደገና እንዲላክ እጠይቃለሁ»። «ገንዘቤን መልሱ» ወይም «እንደገና ላኩ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ የላኪው መብት ነው። ጥፋቱ የድርጅቱ ከሆነ የአገልግሎት ክፍያውም ይመለሳል። ስህተቱ ከላኪው መረጃ የመጣ ከሆነ ግን እንደገና የሚላከው በአዲሱ ተመን ነው፤ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚተመን ልዩነቱ ቀላል ላይሆን ይችላል።

መተግበሪያው «On hold» ካለ አቤቱታ ከመጻፍ በፊት ኢሜይል ይመልከቱ። መታወቂያ ወይም የገቢ ማስረጃ ተጠይቆ ከሆነ፣ ከማጭበርበር ማጣሪያ የተነሳ መዘግየት በደንቡ እንደ ስህተት ላይቆጠር ይችላል። ምንም ሳይጠየቁ ድርጅቱ ዝም ካለ ግን ደረሰኙ ላይ የክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪና የፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ (CFPB) አድራሻ አለ። ለቢሮው በድረ ገጹ የቀረበ ቅሬታ ወደ ድርጅቱ ይተላለፋል፤ ድርጅቶቹም አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ እንዲመልሱ ይጠበቃል። ከአቤቱታው ጋር ደረሰኙንና የእናትን የሂሳብ መግለጫ አያይዘው ይላኩ።