ፎቶን ወደ እርሳስና ከሰል ስዕል ለመቀየር፦ ፎቶሾፕ፣ ጊምፕ፣ ፎቶፒያ ወይስ ክሪታ?

ፎቶን የእርሳስ ስዕል የሚያስመስል ፕሮግራም የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው "የትኛው ጥሩ የስኬች ፊልተር አለው?" ብሎ ነው። እኔ ግን ሌሎች ሁለት ጥያቄዎችን አስቀድማለሁ። አንደኛ፣ ብለሩን፣ ማለትም የማደብዘዙን ደረጃ፣ ከጨረስኩ በኋላ ተመልሼ መቀየር እችላለሁ? ሁለተኛ፣ ጥቁር የሆነውን የፎቶ ክፍል ጥቁር አድርጌ ማቆየት እችላለሁ? የመጀመሪያው የእርሳሱን ጥራት ይወስናል። ሁለተኛው ደግሞ ከሰሉን።

ምክንያቱ የሚገባው አሠራሩ ሲገባ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። አሠራሩ በአራቱም ፕሮግራሞች አንድ ነው። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ታደርጉታላችሁ። ሌየሩን ታባዙና የላይኛውን ኢንቨርት ታደርጋላችሁ፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ይሆናል። ከዚያ የላይኛውን ሌየር ሞድ Color Dodge ላይ ታደርጋላችሁ። በዚህ ጊዜ ገጹ ከሞላ ጎደል ነጭ ይሆናል። የተበላሸ ነገር የለም። የላይኛው ሌየር ላይ Gaussian Blur ስትጨምሩ መስመሮቹ ከነጩ ውስጥ ብቅ ብቅ ይላሉ።

ከጀርባ ያለው ሒሳብ ቀላል ነው። Color Dodge የታችኛውን ፒክስል ለላይኛው ተቃራኒ ያካፍለዋል። የላይኛው ሌየር ቀድሞውኑ የተገለበጠ ስለሆነ፣ ተቃራኒው መልሶ ዋናውን ፎቶ ይሰጣል። ስለዚህ የሚካፈለው ፒክስሉ በዙሪያው ላለው አማካይ ብርሃን ነው ማለት ነው። ብርሃን ከ0፣ ማለትም ከጥቁር፣ እስከ 255፣ ማለትም እስከ ነጭ፣ ይለካል። አንድ ፒክስል 120 ቢሆንና አካባቢው 160 ቢሆን፣ ውጤቱ ሦስት አራተኛ፣ ማለትም 191 ገደማ ይሆናል። ቀለል ያለ የእርሳስ ጭረት ነው። ያው 120 ግን አካባቢውም 120 ከሆነ ውጤቱ 255 ነው፤ ንጹሕ ወረቀት። ከጎረቤቶቹ የጨለመ ብቻ ይሳላል፤ ሌላው ይጠፋል።

"አካባቢ" ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የሚወስነው የብለሩ ሬዲየስ ነው። ወደ ላይ 3000 ፒክስል የሆነ የፊት ፎቶ እንውሰድ። ሹሩባ የተሠራች፣ ጥቁር ኮት የለበሰች ሴት ነጣ ካለ ግድግዳ ፊት ቆማለች። ሬዲየሱ 5 ሲሆን ሽፋሽፍቱና የሹሩባው ክሮች ቀጭን ሆነው ይወጣሉ፤ ጉንጯና አፍንጫዋ ግን ባዶ ናቸው። 20 አካባቢ ስትደርሱ የአፍንጫው ጥላና የከንፈሩ ቅርጽ ይመጣል። ለእርሳስ እኔ የምወደው እዚህ ጋ ነው። ከ80 በላይ ከሄዳችሁ ከአገጯ ሥር ያለው ጥላ ይሰፋል፤ የኮቱም ጠርዝ በጣት የታሸ መስሎ ወደ ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ያ ወደ ከሰል መጠጋት ነው።

ሬዲየሱ የሚለካው በፒክስል ነው። ያንኑ ፎቶ በግማሽ ብታሳንሱት የሚያስፈልጋችሁ 20 ሳይሆን 10 ነው። ስለዚህ ኔት ላይ የሚሸጡ የስኬች አክሽኖችን፣ ማለትም ደረጃዎቹን በራሳቸው የሚደግሙ የተቀዱ ትእዛዞችን፣ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ብለሩ ላይ ሲደርስ ቆሞ ቁጥሩን እንድትመርጡ ያደርጋል ወይ? ቁጥሩ ተቆልፎ የተቀዳ ከሆነ፣ በሻጩ ናሙና ላይ ያማረው በእናንተ ፎቶ ላይ ወይ ክር ይሆናል ወይ ጭጋግ። የስልክ አፖች ላይ ያለው ባለ አንድ ንክኪ ስኬችም ችግሩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የጥንካሬ ማንሸራተቻ አለው፤ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋናውን ፎቶ ከስዕሉ ጋር ይቀላቅላል እንጂ ሬዲየሱን አይነካም።

አሁን ወደ ንጽጽሩ። ብለሩን ተመልሶ በመቀየር ፎቶሾፕ ምቹ ነው። የተገለበጠውን ሌየር Smart Object ካደረጋችሁት ብለሩ እንደ ተለጣፊ ነገር ከሥሩ ይቀመጣል። ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ ከ20 ወደ 35 ትቀይሩታላችሁ። ፎቶፒያ ይህንኑ ያደርጋል፤ ሜኑውም ከሞላ ጎደል የፎቶሾፕ ነው። ብራውዘር ላይ ይሠራል፣ የሚጫን ነገር የለም፣ ማስታወቂያውን ከታገሣችሁ ነጻ ነው። አልፎ አልፎ አንድ ፎቶ ለሚቀይር ሰው ከዚህ ሌላ ፈልግ አልለውም።

ጊምፕ ላይ የቨርዥን ጉዳይ አለ። በ2.10 ብለሩ አንዴ ከተደረገ ሌየሩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ወደ ኋላ መመለስ ወይም ከመጀመሪያው መሥራት ነው። በ2025 የወጣው 3.0 ይህን ቀየረው። ፊልተሩ ሌየሩ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ ከሌየሩ ጎን ያለውን Fx ምልክት ነክታችሁ ታርሙታላችሁ። ስለዚህ ስለ ጊምፕ የድሮ ንጽጽር አንብባችሁ "ብለር አይመለስም" የሚል ካያችሁ፣ ቨርዥኑን ተመልከቱ።

ጊምፕ ላይ ሁለተኛ የሚያሳስት ነገር አለ። Colors ሜኑ ውስጥ Invert እና Linear Invert ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እዚህ የምትፈልጉት የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ከነካችሁ ሁለቱ ግልባጮች በትክክል አይሰራረዙም፤ የላይኛው ሌየር ከሚገባው በላይ ስለሚነጣ ብለር ጨምራችሁም አብዛኛው መስመር በነጩ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ሞዱ ራሱ በጊምፕ Dodge ብቻ ነው የሚባለው።

ክሪታ ነጻ ነው። ሌየሩ ላይ Filter Mask ስትጨምሩበት ብለሩ ሊታረም የሚችል ሆኖ ይቀመጣል። ከፎቶ ማረሚያነቱ ይልቅ መሳያነቱ ይበልጣል። ውጤቱ ላይ በእጃችሁ ለመጨመር የምታስቡ ከሆነ፣ በተለይ የብዕር ታብሌት ካላችሁ፣ ከአራቱ እሱን ነው የምመርጠው። አብረውት የሚመጡት የከሰል ብሩሾች ፊልተር የሳተውን የፀጉር ዳርቻ ለማሟላት በቂ ናቸው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ያ ጥቁር ኮት የት ገባ? መሃሉ ወጥ ስለሆነ ከአካባቢው አይለይም፤ ስለዚህ ነጭ ሆነ። ለእርሳስ ምንም አይደለም። ለከሰል ግን ሞት ነው፤ የከሰል ስዕል ውበቱ ያ የተሞላ ጥቁር ነውና።

የተለመደው መፍትሔ የላይኛውን ሌየር Opacity ዝቅ ማድረግ ነው። አይሠራም። የኮቱ ብርሃን 25፣ የግድግዳው 204 ነው እንበል። Opacity 90 ስታደርጉ ኮቱ 232 ይሆናል፤ የደበዘዘ ግራጫ ነው። ፎቶሾፕ ላይ ግን Opacity ሥር Fill የሚባል ሌላ ቁጥር አለ። ለአብዛኞቹ ሞዶች ሁለቱ ልዩነት የላቸውም። Color Dodge ግን Fill ከ Opacity የተለየ ውጤት ከሚሰጥባቸው ስምንት ሞዶች አንዱ ነው። Fill ላይ 90 ስታደርጉ ኮቱ ወደ 133 ይወርዳል፣ ግድግዳው ግን 249 ላይ ይቆያል። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ጥቁሩ ተመለሰ። ይህን ቁጥር ቀስ እያላችሁ ዝቅ ስታደርጉ ፊቱ ሳይነካ ኮቱ ሲጠቁር ታዩታላችሁ፤ እኔ ከጠቅላላው ሥራ በጣም የምወደው ደረጃ ነው።

ታዲያ ለ Fill ሲባል ፎቶሾፕ መግዛት ያስፈልጋል? አያስፈልግም። Fill እዚህ የሚያደርገው የላይኛውን ሌየር ማጨለም ብቻ ነው። የተገለበጠው ሌየር ላይ Levels ከፍታችሁ የ Output Levels የቀኙን ቁጥር ከ255 ወደ 230 ዝቅ አድርጉት። 230 የ255 ዘጠና በመቶ ነው፤ ውጤቱም ያው ነው። ጊምፕም፣ ክሪታም፣ ፎቶፒያም ይህን ይችላሉ። ለከሰል ሬዲየሱን ወደ 80 ከፍ አድርጉ፣ ይህን ቁጥር ከ215 እስከ 235 ባለው ውስጥ ፈልጉ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ Noise ጨምሩ። ያኔ የወረቀቱ ሻካራነት ይመጣል።

ሌላው የሚያስቸግረው የምሽት ወይም የቤት ውስጥ ፎቶ ነው። ማካፈል ጨለማ ላይ ይጨክናል። 200 እና 204 መካከል ያለው ልዩነት 250 ይሰጣል፤ ዓይን አያየውም። 20 እና 24 መካከል ያለው ያው የ4 ልዩነት ግን 212 ይሰጣል። ካሜራው ጥላ ውስጥ የተወው ነጠብጣብና የጄፔግ ካሬዎች ሁሉ እንደ ጭረት ተስለው ይወጣሉ። ምልክቱ ጥላው ብቻ አሸዋ መምሰሉ ነው፤ ብርሃን ያለበት ንጹሕ ይሆናል። መጀመሪያ ነጠብጣቡን መቀነስ ይረዳል። ካልበቃ ሞዱን ወደ Linear Dodge (Add) ቀይሩት። እሱ ከማካፈል ይልቅ ልዩነቱን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ በሁለቱም ቦታ 251 ይሰጣል። መስመሩ ይሳሳል፣ ግን Levels ያጠቁረዋል። በጊምፕ ስሙ Addition ነው፤ ከሞዱ ጎን ባለው ምርጫ ወደ Legacy ቀይራችሁ ተጠቀሙበት፣ አለዚያ ድምሩን በሌላ የብርሃን ስሌት ይሠራውና ገጹ ነጭ አይሆንም።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው። ለዚህ ሥራ ብቻ ብሎ የፎቶሾፕ ወርሃዊ ክፍያ ውስጥ የሚገባ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ለሌላ ሥራ ቀድሞውኑ እየከፈላችሁ ከሆነ ግን Fill እና Smart Object አብረው ሲሠሩ በጣም ፈጣን ናቸው፤ ሌላ አትፈልጉ። ኮምፒውተራችሁ የራሳችሁ ከሆነና ደጋግማችሁ የምትሠሩ ከሆነ ጊምፕ 3 በቂ ነው። ለአንድ ጊዜ ፎቶፒያ፣ በእጅ ለመጨመር ክሪታ።

አንድ ማኅደር ሙሉ ፎቶ መቀየር ለሚፈልግ ግን ከአራቱ አንዱንም አልመክርም። ኢሜጅማጂክ የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ፤ መስኮት የለውም፣ ትእዛዝ ትጽፉለታላችሁ። አራቱን ደረጃዎች በአንድ መስመር ይሠራል፦

```
magick photo.jpg -colorspace Gray \( +clone -negate -blur 0x20 \) -compose ColorDodge -composite sketch.png
```

ትእዛዙ photo.jpg የተባለውን አንድ ፎቶ ይቀይራል፤ ለማኅደሩ በሙሉ የፋይሎቹን ስም እየቀያየራችሁ ትደግሙታላችሁ። 20 የምትለዋ ያችው የብለሩ ቁጥር ናት። ይህ የሊኑክስና የማክ አጻጻፍ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ከቅንፎቹ በፊት ያሉትን ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሰረዞች አውጧቸው። ፎቶዎቹ መጠናቸው የተለያየ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ አንድ ልክ አድርጓቸው፣ አለዚያ የአንዱ መስመር ወፍራም፣ የሌላው ቀጭን ይሆናል።