«በሰባት ቀን ጥፍር ያጸዳል» የሚባለውን ጠብታ አትግዙ

ወገኖቼ፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ የጥፍር ፈንገስ ጠብታ አለ። ሻጩ «በሰባት ቀን ንጹሕ ይሆናል» እያለ ይምላል። አክስቴ 700 ብር ከፍለው ገዙት። ብልቃጡ ላይ የመድኃኒቱ ስምም ሆነ የሚያበቃበት ቀን የለም።

የአክስቴ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ወፍሯል፣ ቢጫ ሆኗል፣ ሲቆረጥም ይፈረፈራል። ክረምቱን በፕላስቲክ ቦቲ ነው ማሳ የሚውሉት፤ እርጥበትና ሙቀት ደግሞ ለፈንገስ ይመቸዋል። ጠብታውን ሲቀቡት በሳምንቱ ጥፍሩ ሳስቶ ነጣ አለ። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ፈሳሹ የላዩን ልጦት እንጂ ከሥር ያለውን ፈንገስ አልነካውም። ዙሪያውን ያለውን ቆዳ ግን አቃጠለው። ብዙም ሳይቆይ ቢጫው ተመለሰ፤ ሻጩ ግን የለም።

በሰባት ቀን የሚድን የጥፍር ፈንገስ የለም። ፈንገሱ ቢሞት እንኳ የተበላሸው ጥፍር እንዳለ ይቆያል። የሚወገደው አዲሱ ጥፍር ከሥር አድጎ ወደፊት ሲገፋው ነው። የእግር አውራ ጣት ጥፍር በወር ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። 18 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪታደስ ታዲያ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። የእጅ ጥፍር ፈጠን ይላል፤ 6 ወር ገደማ ይበቃዋል።

ፈንገሱ ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ ጥፍር ላይ የሚቀባ፣ እንደ አሞሮልፊን ያለ መድኃኒት ሊበቃ ይችላል። ተራ የቆዳ ቅባት ግን ወፍራም ጥፍር ውስጥ አይዘልቅም። ፈንገሱ ሥሩ ድረስ ከደረሰ፣ የጥፍሩን ግማሽ ከያዘ ወይም ብዙ ጥፍሮችን ካዳረሰ አብዛኛውን ጊዜ ኪኒን ያስፈልጋል። የአክስቴ ሥሩ ድረስ ደርሶ ነበር።

ሐኪሙ መጀመሪያ ከጥፍሩ ፍቆ ላብራቶሪ ላከ። ጫማ የጎዳው ጥፍርም ሆነ ሶርያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመም ይህንኑ ይመስላልና። ፈንገስ መሆኑ ሲረጋገጥ የጉበት ምርመራ ተደረገላቸው። ከዚያ ተርቢናፊን 250 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ለ3 ወር ታዘዘ። ለእጅ ጥፍር 6 ሳምንት ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ከጠቆረ ኪኒኑን አቁመው ቶሎ እንዲመጡ ነገራቸው።

ኪኒኑ ሲያልቅ ጥፍሩ ገና አስቀያሚ ነበር። አክስቴም «ይኼም አታሎኝ ነው» ብለው ሊያዝኑ ሲሉ ሥሩን አሳየኋቸው፤ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ንጹሕ ጥፍር ወጥቷል። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ጥፍር ውስጥ ለወራት ይቆያል። እናንተም ሥሩን ተመልከቱ። ንጹሑ ክፍል በየወሩ ካልሰፋ ወደ ሐኪማችሁ ተመለሱ።

ጠብታውን ገዝታችሁ ከሆነ አቁሙት። ስኳር ያለበት ሰው ቀብቶት ቆዳው ከቆሰለ ደግሞ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።